«ሰበብ አልወድም» የሚሉ አለቃ ተጨማሪ ቀን እንዴት ይጠየቃሉ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። የምመላለሰው ከደሴ ነው። የቋሚ ንብረት ቆጠራውን ከመዝገቡ ጋር አስታርቄ እስከ ሐምሌ 20 እንዳስረክብ ሰኔ 25 ታዘዝኩ። ሐምሌ 1 ደግሞ ደመወዝ የምትሠራው ልጅ ወሊድ ወጣችና ደመወዙም እኔ ላይ ወደቀ። ዛሬ ሐምሌ 8 ነው፤ እንደማይደርስ ገብቶኛል። ሥራ አስኪያጃችን «ሰበብ አልወድም» ማለት የሚያበዙ ሰው ናቸው። ሰበበኛ ሳልባል እንዴት ልጠይቃቸው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አንድ የድሮ ጠዋት ትዝ አለኝ። ያኔ እኔም እንደ አንቺ በየቀኑ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እየወረድኩ ኮምቦልቻ የምሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የባንክ ማስታረቂያ እንዳስረክብ የታዘዝኩበት ቀን ደረሰ። ሥራው አላለቀም። አለቃዬ ፊት ቆሜ «በጣም ሥራ ስለበዛብኝ አልደረሰም» አልኩ።

ሰውዬው አልተቆጡም። ከሚፈርሙት ወረቀት ቀና ሳይሉ «ስንት ወር ቀረህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ቆጥሬው አላውቅም። «መቼ ትጨርሳለህ?» አሉ። «በቅርቡ» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያ ቤት ስሜ ሰበበኛ ሆኖ ቀረ። የሚያናድደው ሥራው የምር በዝቶብኝ ነበር። ውሸት አልተናገርኩም። ግን እውነቱን የያዝኩት ሆዴ ውስጥ እንጂ ወረቀት ላይ አልነበረም።

በኋላ እኔም የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ጠረጴዛው ማዶ ስቀመጥ ነገሩ ገባኝ። ቀን እንዲራዘምለት የሚጠይቅ ሠራተኛ ሲመጣ ኃላፊው የሚያስበው «ለምን አልደረሰም?» የሚለውን አይደለም። ወይም ትንሽ ብቻ ነው የሚያስበው። የሚያስጨንቀው «ይህ ሰው አሁን የሚነግረኝን ቀን ልመን ወይስ አልመን?» የሚለው ነው። እሱም ለሌላ ሰው ቃል ገብቷልና። ሰበብ የሚባለው ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ንግግር ነው።

ለራሴ የያዝኳት ቀላል መለያ አለችኝ። ሰበብ አብዛኛውን ጊዜ «ስለ» ላይ ይቆማል፦ ስለበዛብኝ፣ ስላልተመቸኝ፣ ሰው ስለሌለ። ጥያቄ ግን «እስከ» አለው፦ እስከዚህ ቀን ይህን አደርሳለሁ፣ እስከዚያ ቀን ያን እጨርሳለሁ። «ስለ»ው ይቅር ማለቴ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የቀረው ንግግርሽ «እስከ» ይሁን።

ስለዚህ ቢሮ ከመግባትሽ በፊት ቁጥር ያስፈልግሻል። አንድ ሰዓት ተቀመጪና እንደዚህ አስይው። የአንቺን ቁጥሮች ስለማላውቅ በምሳሌ ልሥራው፤ አንቺ የራስሽን አስገቢበት።

መዝገቡ ላይ 640 ዕቃ አለ እንበል። 240ውን አስታርቀሻል፣ 400 ቀርቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «240ውን በዚህን ያህል ቀን ከጨረስኩ 400ውን በዚያን ያህል ቀን እጨርሳለሁ» ብሎ ያካፍላል። የቋሚ ንብረት ሥራ እንደዚያ አይሄድም። መዝገቡ ላይ ያለው መለያ ቁጥርና ዕቃው ላይ የተለጠፈው ከገጠመ አንዱ ዕቃ 4 ደቂቃ ቢወስድ ነው። ካልገጠመ ግን የግዢ ሰነዱን ከፋይል ማውጣት፣ ዕቃው ወዳለበት ሄዶ ማየት፣ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛውሮ ከሆነ የማዘዋወሪያ ቅጹን መፈለግ አለ። አንዱ 25 ደቂቃ ይበላል። በተለይ የቢሮ ዕቃ ላይ። ማሽን የተተከለበት ይገኛል፤ ወንበር ግን እግር አለው።

ስለዚህ የሠራሽውን ለሁለት ክፈዪው። ከ240ው 60ው አልገጠመም ነበር እንበል፤ ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። የቀረውም እንደዚያ ከሆነ ከ400ው 300 ይገጥማል፣ 100 አይገጥምም። የሚገጥመው 20 ሰዓት ይወስዳል። የማይገጥመው 42 ሰዓት ገደማ። ድምሩ 62 ሰዓት።

አሁን ያለሽን ጊዜ ቁጠሪ። ከነገ ሐምሌ 9 እስከ 20፣ ሁለቱን ቅዳሜዎች ግማሽ ግማሽ ቀን ብለን፣ 9 የሥራ ቀን አለሽ እንበል። ደመወዙ 3 ቀን ይወስድብሻል፦ የሰዓት መቆጣጠሪያውን መሰብሰብ፣ የፈረቃ ሠራተኞችን ትርፍ ሰዓት ማስላት፣ የሰኔን የሥራ ግብር ማሳወቅ። 6 ቀን ቀረ። ከየቀኑ 8 ሰዓት ውስጥ 2ቱን የዕለት ሥራ ይወስደዋል፤ ወጪ ማዘዣው፣ ጥቃቅን ወጪው፣ «አንድ ጊዜ» እያለ በር ላይ የሚቆመው ሰው። በቀን 6 ሰዓት ይቀራል። 6 ቀን በ6 ሰዓት 36 ሰዓት።

62 ያስፈልጋል፣ 36 አለ። የጎደለው 26 ሰዓት ነው። «ሥራ በዝቶብኛል» ማለት ይኸው ነው፤ በቁጥር ሲባል ግን ማንም ሰበብ ሊለው አይችልም። ቢበዛ «25 ደቂቃው በዝቷል» ብለው ይከራከሩሻል። ይከራከሩ። በ25 ደቂቃ ላይ መከራከር በጸባይሽ ላይ ከመከራከር ይሻላል።

26 ሰዓት በቀን 6 ሰዓት ሲካፈል ከ4 ቀን ትንሽ ያልፋል። ሐምሌ 21 ብትቀጥዪ ሐምሌ 25 አካባቢ ያልቃል። ግን ሐምሌ 25ን እንዳትጠይቂ። መብራት ይጠፋል፣ ፋይል ይጠፋል፣ የክረምቱ ጭጋግ ሐረጎ ላይ ሲወርድ መኪናው በእግር ይሄዳል። ሁለት ሦስት ቀን መጠባበቂያ ጨምሪና ሐምሌ 28ን ጠይቂ። አጥብቦ ጠይቆ ሁለተኛ መመለስን የመሰለ የሚያዋርድ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ማራዘም ዕቅድ ማስተካከል ነው። ሁለተኛውን ግን እኔ ራሴ ኃላፊ ሆኜ ሰበብ ነበር የምለው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ሲፈራ «እያመሸሁ እጨርሰዋለሁ» ይላል። አስልተሽ ካልሆነ አትበዪው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። እስከ ሐምሌ 20 ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ሙሉ ሳምንት ቢሆን ራሱ ጣሪያው 24 ሰዓት ነው። የጎደለሽ 26 ነው። እያመሸሽም አይሞላም ማለት ነው። በዚያ ላይ ትርፍ ሰዓት ይከፈልበታል፤ በቀኑ ክፍል ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ። ይህ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ ውሳኔ እንጂ የአንቺ ስጦታ መሆን የለበትም። ደግሞም ከደሴ የምትመላለሺ ሰው ነሽ፤ ከመሸ መኪና የት ልታገኚ ነው?

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ይህን ሪፖርት የሚጠብቀው ማነው? ሐምሌ 20 ከሰማይ አልወረደም። አንድ ሰው ከኋላው አለ።

የአንቺ ሥራ ወዴት እንደሚፈስ ታውቂዋለሽ። ንብረቱ ሲታረቅ የእርጅና ቅናሹ ይሰላል፣ ከዚያ የዓመቱ ሒሳብ ይዘጋል፣ ኦዲተር ያየዋል፣ መጨረሻ ላይ ለገቢዎች ይሄዳል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የዓመቱን ግብር የሚያሳውቀው እስከ ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ የአንቺ 8 ቀን መንግሥት ዘንድ የሚያመጣው ቅጣት የለም። የሰኔ ደመወዝ የሥራ ግብር ግን ወሩ ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መታወቅ አለበት፤ እሱ ወለድና መቀጫ አለው። ልዩነቱ ይታይሻል? አንዱን ቀን አለቃሽ ማንቀሳቀስ ይችላሉ። ሌላውን እሳቸውም አይችሉም። ሁለት ሥራ ሲጋጭ የሚንቀሳቀሰውን ነው የምታስጠይቂው። የሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ፣ ግብሩ ይቅርና፣ አንድ ቀን ቢዘገይ ፋብሪካው ግቢ ምን እንደሚሆን ታውቂዋለሽ።

ግን ከመንግሥት ቀን በፊት ሌላ ቀን ሊኖር ይችላል። ኦዲተሮቹ ሐምሌ 22 ይመጣሉ ተብሎ ከሆነስ? ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ሆኖ ባንክ ለብድር ማሽኖቹን ጠይቆ ከሆነስ? ያኔ ሐምሌ 28 ብትዪ ምንም ያህል ብታሰዪ አይሰማም። ይህን ከጸሐፊዋ ወይም ከሒሳብ ኃላፊው አስቀድመሽ ጠይቂ። ካልተገኘም እዚያው አለቃሽን ትጠይቂያቸዋለሽ። መጠየቁ ራሱ ስለ ራስሽ ብቻ እንደማታስቢ ያሳያል።

ይህን ካወቅሽ ሥራውን መቁረጥ ትችያለሽ። ከ400ው ዕቃ 110ሩ ማሽን፣ ተሽከርካሪና ጀነሬተር ነው እንበል። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ኦዲተር መጥቶ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው እንጂ የጥበቃ ቤቱን ጠረጴዛ አይደለም። በዚያው ስሌት 110ሩ 17 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። አንቺ ያለሽ 36 ነው። ስለዚህ ትልልቁ ዕቃ በተባለበት ቀን፣ በሐምሌ 20፣ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል! የሚራዘመው ወንበርና ጠረጴዛው ነው። አየሽ ጥያቄው እንዴት እንደተቀየረ? «አልደረሰም» ልትዪ ነበር፤ አሁን «ዋናው በቀኑ ይደርሳል፣ ቀሪው በ28» ልትዪ ነው። ሥራው ያው ነው። የሚሰማው ግን ያው አይደለም።

እንግዲህ ወደ ንግግሩ።

መቼ ትገቢያለሽ? ነገ። ቢያልፍ ከነገ ወዲያ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሐምሌ 10 የተነገረ ችግር ዕቅድ ነው፤ ያው ችግር ሐምሌ 19 ከሰዓት ሲነገር ሰበብ ይሆናል። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ቢሆንም። ኮሪደር ላይ አታስቁሚያቸው። የምርት ስብሰባ ወጥተው ገና ፊታቸው እንደተቋጠረ አትግቢ። ደውለሽ ወይም በር ላይ ቆመሽ «ጋሼ፣ ስለ ቋሚ ንብረቱ 10 ደቂቃ ቢሰጡኝ፤ መቼ ይመችዎታል?» በዪ። ስለ ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፤ «አንድ ነገር ላናግርዎት» ካልሽ ሥራ ልትለቂ ነው ብለው ይደነግጣሉ።

ግማሽ ገጽ ወረቀት ያዢ። ከዚያ እንደዚህ ማለት ትችያለሽ፦

«ጋሼ፣ የቋሚ ንብረቱ ሥራ ከ640ው 240ው ታርቋል። 400 ይቀራል። በእስካሁኑ አካሄዴ ቀሪው 62 ሰዓት ይፈልጋል። ቀኑ የተቆረጠው ሰኔ 25 ነው፤ ደመወዙ የተጨመረልኝ ሐምሌ 1 ነው። ደመወዙንና የዕለት ሥራውን ሳወጣ እስከ ሐምሌ 20 ያለኝ 36 ሰዓት ነው። ማሽንና ተሽከርካሪውን በሙሉ ሐምሌ 20 አስረክባለሁ። የቢሮ ዕቃውን እስከ ሐምሌ 28 እንዲያራዝሙልኝ እጠይቃለሁ። ወይም ደግሞ ከግምጃ ቤት አንድ ሰው ለ4 ቀን ቢመደብልኝና የዕቃ መለያ ቢፈልግልኝ ሁሉንም ሐምሌ 23 መጨረስ እችላለሁ። የትኛው ይሻልዎታል?»

ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ልብ በዪ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ምክንያት» የሚባለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቀኑ የተቆረጠው ሰኔ 25፣ ደመወዙ የተጨመረልኝ ሐምሌ 1» የሚለው። ከሁሉም ኃይል ያለው እሱ ነው። ምሬት የለበትም፣ ማንንም አይከስም። ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በቃ። ቀኑ ሲቆረጥ ያልነበረ ሥራ መጣ። የቀረውን እሳቸው ያገናኙት።

ሐምሌ 23 ከየት መጣ ካልሽ፣ መለያ ፍለጋውን ሌላ ሰው ከያዘው ያልገጠመው ዕቃ ከ25 ወደ 15 ደቂቃ ይወርዳል ብዬ ነው። 100ው ዕቃ 25 ሰዓት ይሆናል፣ ከሚገጥመው 20 ጋር 45። የሚጎድለው 9 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ቀን ተኩል። ሐምሌ 22 ላይ አንድ ቀን መጠባበቂያ። ሁለት አማራጭ ይዞ መግባት ጥቅሙ ይኸ ነው፤ አለቃሽ «ልፍቀድ ወይስ ልከልክል?» ከሚለው ወጥተው «የትኛውን ልምረጥ?» ወደሚለው ይገባሉ። ሦስት አራት አማራጭ ግን አትደርድሪ፤ መምረጡ ራሱ ሥራ ይሆንባቸዋል።

የማይባሉትን ደግሞ ልንገርሽ። ወሊድ የወጣችውን ልጅ ስም አታንሺ። የወሊድ ፈቃዷ 120 ቀን ነው፤ መብቷ ነው፣ አስቀድሞም የሚታወቅ ነገር ነው። «እሷ ስለወጣች ነው» ስትዪ ጥፋቱን አራስ ላይ የምታላክኪ ይመስላል። የወሎ ሰው ደግሞ አራስ ጠይቆ ገንፎ ይበላል እንጂ አራስ አይከስም። «ደመወዙ ተጨምሮልኛል» ይበቃል። ሌላው፣ «እኔ ብቻ ነኝ እዚህ ቤት የምሠራው» የምትል ሐሳብ አፍሽ ላይ ከመጣች ዋጫት። እውነት ብትሆንም ዋጫት። ሌላው ደግሞ ይቅርታ ማብዛት ነው። ጥፋት ሳይኖርሽ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ ጋሼ» ካልሽ ጥፋት እንዳለሽ ራስሽ መሰከርሽ።

የምር ጥፋት ካለስ? ለምሳሌ ከሰኔ 25 እስከ ሐምሌ 1 ፋይሉን ሳትከፍቺው ቀርተሽ ከሆነ? ተናገሪው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር። «የመጀመሪያውን ሳምንት በሚገባ አልተጠቀምኩበትም፤ እሱ የእኔ ነው።» ከዚያ ወደ ቁጥሩ። ይህን ደብቀሽ ሁሉንም በደመወዙ ላይ ብታሳብቢ የቀን መቁጠሪያ ማየት የሚችል ሰው ሁሉ ይነቃብሻል። ያን ጊዜ እውነተኛው 26 ሰዓትሽም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ እሳቸው ምን ይላሉ? ከልምድ የማውቃቸው ሦስት መልሶች አሉ።

የመጀመሪያው «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ነው። መልሱ አጭር ነው፤ «የደመወዙን ሥራ ሳልይዘው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ መገመት አልቻልኩም። ሳምንት ሠርቼ ለክቼ ነው የመጣሁት።» ሁለተኛው «ከአንቺ በፊት የነበረው ሰውዬ እንዴት ይጨርስ ነበር?» ነው። እዚህ ላይ ሰው ይነካል፣ ይቆጣል። አትቆጪ። «እሱ ደመወዝ አልነበረውም ጋሼ» ማለት ትችያለሽ፣ እውነት ከሆነ። ካልሆነ ደግሞ «እንዴት ይሠራው እንደነበር ብጠይቀው ደስ ይለኛል» በዪ። ማን ያውቃል፣ የምር አቋራጭ ያውቅ ይሆናል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ «አይሆንም። ሐምሌ 20 ማለት ሐምሌ 20 ነው።»

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚወድቀው። አንገት ደፋ ይደረግና «እሺ» ይባላል። ይህቺ «እሺ» ስንት ሰው ጉድ እንደሠራች! አክብሮት ናት፤ ስምምነት ግን አይደለችም። አለቃው ግን ስምምነት ነው ብሎ ይይዛታል። ሐምሌ 20 ሲደርስ «እሺ ብለሽኝ አልነበረም?» ይመጣል። መልስ የለሽም።

«እሺ» ማለትሽ ካልቀረ ጭራ ቀጥይላት። «እሺ ጋሼ፤ እንግዲያው ሐምሌ 20 ላይ እጅዎ የሚገባው ማሽንና ተሽከርካሪው በሙሉ፣ ከቢሮ ዕቃው ደግሞ የገጠመው ብቻ ነው። ያልገጠመው በዝርዝር ይያያዛል። ሁሉም ይድረስ ካሉኝ ደግሞ ከያዝኩት ሥራ የቱን ልተወው?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ለስለስ አድርገሽ ጠይቂያት፤ ድምፅ ከፍ ካለባት ትንኮሳ ትሆናለች። በለሰለሰ ድምፅ ግን ሐቀኛ ጥያቄ ናት። የቀን ሰዓት 24 እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ወይ ሰው ይመድባሉ፣ ወይ የዕለት ሥራውን ለሌላ ያዛውራሉ፣ ወይ «እሺ ያልገጠመው በዝርዝር ይምጣ» ይላሉ። ሦስቱም ለአንቺ ማራዘሚያ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው ሌላ።

አንዳንዴ ይህ ሁሉ ተደርጎም አይሆንም። በቁጥር የማይናገሩ አለቆች አሉ። ሠራተኛ መጨነቁን ካላዩ ሥራ የተሠራ የማይመስላቸው። የእነሱ ነገር በንግግር አይፈታም፤ የሚቀርሽ ጽሑፉ ነው።

ጽሑፉ ግን ቢፈቅዱም ባይፈቅዱም ያስፈልጋል። ከቢሮ ወጥተሽ ሳይረሳሽ፣ በዚያው ቀን፣ በኢሜይል ወይም የምትገናኙት በቴሌግራም ከሆነ በዚያው ላኪ፦

«ጋሼ፣ ጠዋት በተነጋገርነው መሠረት፦ የማሽንና የተሽከርካሪ ማስታረቂያ ሐምሌ 20 አስረክባለሁ። የቢሮ ዕቃ ሐምሌ 28። ሐምሌ 15 ላይ የደረስኩበትን አሳውቅዎታለሁ። የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።»

የመጨረሻዋ ቃል አስፈላጊ ናት። ጽሑፉ ማስረጃ ማከማቻ እንዳይመስል ታደርገዋለች። ከሳቸው «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ከመጣች ደግሞ፣ ያቺ «እሺ» ለአንቺ ነው የምትሠራው።

ሐምሌ 15 ያልሽውን አትርሺ። እውነቱን ለመናገር አለቃን የሚያሳርፈው እሱ ነው። «ከ110ሩ 70ው አልቋል፣ በቀኑ ይደርሳል» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። በዚያን ቀን ስሌትሽ እንዳልሠራ ካየሽም ያኔውኑ ተናገሪ፤ ለምሳሌ የማይገጥመው ከአራት አንድ ሳይሆን ከሦስት አንድ ሆኖ ከተገኘ። 400ው ሁሉ በዚያ መጠን ከሆነ የማይገጥመው 133 ይሆናል፣ ጠቅላላው ወደ 73 ሰዓት ይወጣል፤ መጠባበቂያሽ ገና ሳትጀምሪ አለቀ ማለት ነው። ይህን ሐምሌ 15 ላይ ስትነግሪያቸው አሁንም ዕቅድ ነው። ሐምሌ 27 ላይ ከሆነ የእኔን «በቅርቡ» ደገምሽው።

አንድ የቀረ ነገር። ወንበሮቹን መዝገብ ላይ አፍጥጠሽ አትፈልጊያቸው። የግምጃ ቤቱን ሰውዬ፣ ሐጂም ይሁኑ ጋሼ፣ ሻይ ጋብዘሽ ጠይቂያቸው። ባለፈው ዓመት ለስብሰባ ወጥቶ ያልተመለሰ ወንበር የት ቢሮ እንዳለ ከፋይሉ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። እኔ ያኔ በሦስተኛው ዓመት ነው ይህ የገባኝ፤ 14 ወንበር የሠራተኞች ክበብ ውስጥ አገኘሁ፣ አንዱ ላይ ለወራት ቁጭ ብዬ ምሳ በልቼበታለሁ።